ከ.doc ወደ .docx ልንዛወር ነው፤ ለሠራተኞች የጻፍኩትን ደብዳቤ እዩልኝ

ምሕረት_ቢሮ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ክፍል የቢሮ ኃላፊ ነኝ፤ 12 ሰዎች ነን። ሪፖርቱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ውሉ፣ ቅጹ፣ ሁሉም ነገራችን እስካሁን በ.doc ነው። በኢሜይል አባሪ ሆኖ ይሄዳል፣ ታርሞ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። አሁን ሁለት ሦስት ሰው አንዱን ሰነድ በአንድ ጊዜ ከፍቶ እንዲሠራበት የጋራ ፎልደር ተከፍቶልናል። የኮምፒውተር ባለሙያው "ይህ የሚሠራው ሰነዶቹ .docx ከሆኑ ብቻ ነው" ስላለኝ ለሠራተኛው ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ረቂቁ ይኸው፦

> ለክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ
>
> ጉዳዩ፦ አዲስ የሰነድ ፎርማት ስለ መጠቀም
>
> ክፍላችን አሠራሩን ለማዘመንና የሥራ ቅልጥፍናን ለማሳደግ ሲባል ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ማንኛውም ሰነድ በ.docx ፎርማት ብቻ እንዲዘጋጅ ተወስኗል። ስለሆነም እያንዳንዱ ሠራተኛ በእጁ የሚገኙትን ነባር ሰነዶች በሙሉ እስከ አርብ ድረስ ወደ አዲሱ ፎርማት ቀይሮ በጋራ ፎልደሩ ውስጥ እንዲያስቀምጥ በጥብቅ እናሳስባለን። ይህን የማይፈጽም ሠራተኛ ለሚደርሰው ችግር ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።
>
> ከሰላምታ ጋር

የምጠይቃችሁ ስለ አጻጻፉ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትክበድ ይሆን? ለሁለት ባልደረቦቼ አሳይቻቸው አንዱ ዝም አለ፤ ሌላዋ "ምን ልታደርጉን ነው?" አለችኝ።

ፈጣን_ጣት

ለዚህ ደግሞ ደብዳቤ! የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት x መጨመር እኮ ነው። ሁሉንም መርጠሽ ስማቸውን በአንዴ መቀየር ይቻላል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። .docx ማለት በውስጡ የታመቀ ዚፕ ነው፣ መጠኑም ያንሳል። "x ጨምሩ" ብለሽ ላኪላቸውና ተገላገይ።

ኬብል

ፈጣን_ጣት፣ ዚፕ ነው ያልከው ልክ ነው። የአንድ .docx ቅጂ ወስደህ ስሙን ወደ .zip ብትቀይረው ይከፈትልሃል፤ ውስጡ word የሚባል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ document.xml፤ ጽሑፉ የሚገኘው እዚያ ነው። የ.doc ውስጥ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ስሙን ቀይረህ ስትከፍተው ወርድ የፋይሉ ዓይነትና የስሙ ቅጥያ አይገጥሙም ብሎ ይመልስሃል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ስሙን ስትመልስለት ይከፈታል። ግን 12 ሰው ሰኞ ጠዋት እንዲህ ካደረገ "ሰነዴ ጠፋ" የሚል ስልክ ሲያንቃጭል ይውላል። እኔ የምሠራው የዚያን ስልክ ማዶ ላይ ነው፤ እባካችሁ ተዉኝ።

መዝገብ_ቤት

ምሕረት ልጄ፣ አንቺ የጠየቅሽው ስለ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔን ያስደነገጠችኝ ግን ከእሷ በፊት ያለችው ናት፤ "ነባር ሰነዶችን በሙሉ" የምትለው። ሰነድ በመያዝ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ዝውውር ቢሮ የሚያተራምሰው አዲሱ ፎርማት አይደለም፤ ይቺ "በሙሉ" ናት።

አንድ ፋይል ይዘን እንከተለው። "የሩብ ዓመት ሪፖርት" የሚል .doc አለ እንበል፤ በኢሜይል ሦስት ሰው ጋ ደርሷል። ደብዳቤሽ ሲወጣ ሦስቱም "እስከ አርብ" የሚለውን አይተው ይጣደፋሉ። አንደኛው ከፍቶ በ Save As .docx ያደርገውና የጋራ ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጣል። Save As የድሮውን አይነካም፤ ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፋይሉ ሁለት ሆነ። ሁለተኛዋ በበኩሏ ከራሷ ኢሜይል ያወረደችውን ትቀይራለች፤ የእሷ ቅጂ ላይ የሠንጠረዡ ሁለት ቁጥሮች ታርመዋል። ስታስቀምጥ "በዚህ ስም ፋይል አለ" ስለሚላት ስሙ ላይ "አዲሱ" ብላ ትጨምርበታለች። ሦስተኛው ጊዜ አላገኘም፤ ዴስክቶፑ ላይ ባለው .doc መሥራቱን ቀጥሏል። አርብ ማታ ትእዛዝሽ ተፈጽሟል። ሰኞ ግን የታረሙት ሁለት ቁጥሮች ያሉት የትኛው ላይ እንደሆነ የሚነግርሽ የለም።

ይባስ ብሎ ዊንዶውስ ገና ሲጫን ጀምሮ ቅጥያውን ይደብቃል። .doc እና .docx የሚሉት ፊደሎች አይታዩም። ሁለቱም "የሩብ ዓመት ሪፖርት" ተብለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ምልክታቸውም ለዓይን ይመሳሰላል። ሰው በጁ የመጣለትን ይከፍታል።

ይህ እየሆነ መሆኑን ለማወቅ ፎልደሩን በ Date modified ደርድሪው። ከዝውውሩ በኋላ የ.docx ቀን ብቻ ወደፊት ከሄደ ደህና ነሽ። የ.doc ቀንም አብሮ የሚሄድ ከሆነ ሰዎች ሁለቱም ላይ እየጻፉ ነው፤ ያኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር ማስታረቅ ነው የሚቀርሽ።

ስለዚህ የድሮው ሰነድ ባለበት ይቀመጥ፤ ከአንድ የታወቀ ቀን ጀምሮ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ይሁን። የሚቀየረው አሁን ሥራ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰው እጅ። የተፈረመ ውልና የጸደቀ ቃለ ጉባኤ ጭራሽ አይነካ።

ምሕረት_ቢሮ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የራሴን ኮምፒውተር አየሁት፣ እውነትም ቅጥያው አይታይም። እንዴት ነው የማወጣው? ሌላው፣ "የማይጻፍበት" ሲሉ በፋይሉ ላይ Read-only የምትለዋን ምልክት ላድርግ ማለት ነው?

ኬብል

ጋሼ እስኪመጡ እኔ ልመልስ። ፎልደር ከፍተሽ ላይኛው መስመር ላይ View ግቢ፤ File name extensions የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። በዊንዶውስ 11 ላይ View ከገባሽ በኋላ Show ውስጥ ነው ያለው። በሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ ከዝውውሩ በፊት ይደረግ፤ አለበለዚያ ደብዳቤው ውስጥ ".docx" ብለሽ ስትጽፊ ሰዉ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው ነገር ነው የምትነግሪው።

Read-only የምትለዋ ምልክት ብዙ አትረዳም፤ ማንም ያነሳታል። ፎልደሩን የሚያስተዳድረው ባለሙያ የሠራተኞቹን ፈቃድ ወደ ማንበብ ብቻ ይቀንሰው። እንዲያ ከሆነ የድሮው ላይ ሊጽፍ የሞከረ ሰው ማስቀመጥ አይችልም፤ ያኔ ደብዳቤሽን ያላነበበውም ያስታውሳል።

ሂሳብ_ክፍል

እኔ ከዚህ ነገር ጋር ቂም አለኝ። በነበርኩበት ቢሮ የወጪ መጠየቂያ ቅጽ ነበረን፤ ስሙንና መጠኑን ሞልተሽ "አስላ" የሚለውን ቁልፍ ስትጫኚ ድምሩን ያወጣል። ልክ እንደ እናንተ "ሁሉም ይቀየር" ተባለና አንዱ ታዛዥ ልጅ ቀየረው። ቅጹ ሲከፈት መልኩ ሳይነካ ቁጭ ብሏል፣ ቁልፉም አለ፤ ሲጫኑት ግን ዝም። እስኪታወቅ ድረስ ሰው በእጁ እየደመረ ነበር፤ የተሳሳተ ድምር ያለበት ቅጽም ተፈርሞ አልፏል።

ኬብል

ያ ማክሮ ነው፤ ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም። .docx በተፈጥሮው ማክሮ አይዝም። ማክሮ ያለበትን .doc በ .docx ልታስቀምጪ ስትይ ወርድ ያስጠነቅቅሻል፤ ግን ሰው የሚጫነው Yes ነው፣ ማን ያነባል? እንዲህ ዓይነቱ ቅጽ መቀመጥ ያለበት .docm በሚባለው ነው። ስለዚህ ምሕረት፣ ቁልፍ ያለበትን ቅጽ ሁሉ አስቀድመሽ ሰብስቢና ለአንድ የሚያውቅ ሰው ስጪ። በደብዳቤው ላይ ደግሞ "የሚጫኑት ቁልፍ ያለበትን ቅጽ አትንኩ" በይ። "ማክሮ" ብትዪ የሚገባው ሁለት ሰው ነው።

ሂሳብ_ክፍል

እሺ፣ ስሙን ዛሬ አወቅሁት። ሌላም ነበር፤ ለደንበኞች የምንልከው ደብዳቤ ስምና ሂሳቡን ከኤክሴል ዝርዝር ላይ ነበር የሚወስደው። ዝርዝሩን ወደ አዲሱ ፎልደር ስናዛውረው ደብዳቤው "ዝርዝሩ የለም" አለን።

መዝገብ_ቤት

አዎ፣ ደብዳቤው ዝርዝሩን የሚያስታውሰው በአድራሻው ነውና። ዝርዝሩ ቦታ ከቀየረ አንድ ጊዜ እንደገና ማሳየት ግድ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ፎልደር ተመልሶ ማንም እንዳይከፍተው፤ አለበለዚያ አሮጌ ዝርዝር ይዞ አዲስ ደብዳቤ ይወጣል።

አባ_ጽሑፍ

ጥሩ ወሬ ነው የሰማሁት። እኔ ዘንድ የድሮ የአማርኛ ሰነዶች አሉ፤ ኮምፒውተር ስቀይር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ቅንፍ የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ሆነው ቀሩ። ወደ .docx ስቀይራቸው ይስተካከላሉ ማለት ነው?

ኬብል

አባ፣ አይስተካከሉም። እርስዎ ያለዎት ችግር የፎርማት አይደለም። እነዚያ ሰነዶች የተጻፉት ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ አማርኛን ከመያዙ በፊት በነበረ ፊደል ይመስላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ የሳሉ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲኑ ኮድ ነው፤ ያ ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ሲኖር አማርኛ ሆኖ ይታያል፣ ከሌለ ዝብርቅርቁ ይወጣል። .docx ቢያደርጉትም ያው ኮድ ወደ አዲስ ዕቃ ተገለበጠ እንጂ አልተለወጠም።

መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ማስተካከያ መጠቀም ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአማርኛ ፊደል ብዛት በአንድ የድሮ ፎንት ስለማይበቃ ብዙዎቹ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት የተከፋፈሉ ነበሩ። ያው አንድ ኮድ በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ገልብጠው ፎንቱን የሚያጠፋ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ኖትፓድ ላይ፣ ከለጠፉት የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደነበር ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማስተካከያውም ይሳሳታል። ዋናውን .doc እንዳለ ያስቀምጡ፣ በቅጂው ላይ ይሞክሩ።

አባ_ጽሑፍ

ኖትፓድ ላይ ለጥፌ ያስቀመጥኳቸው አሉ። ዋናዎቹን ልፈልጋቸው። ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከርዕሱ ወጣ መሰለኝ።

ክፍት_ምንጭ

አልወጣም አባ። እኔ ግን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ከተቀየረ አይቀር ለምን .docx? ለምን .odt አይሆንም? .odt ያለበት ኦዲኤፍ እንደ ፈረንጆች በ2006 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል፣ .docx ያለበት ኦፕን ኤክስኤምኤል ደግሞ በ2008። የእንግሊዝ መንግሥት እንደ ፈረንጆች በ2014 መሥሪያ ቤቶቹ ለሚጋሩት ሰነድ ኦዲኤፍን መርጧል። የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ላይ ተጣብቆ መቅረት ዋጋው የሚታወቀው በኋላ ነው።

ኬብል

ወንድሜ፣ የምሕረት 12 ሰዎች ያላቸው ወርድ ነው፣ የጋራ ፎልደራቸውም ከወርድ ጋር አብሮ የመጣው ነው። አብሮ መጻፉ እዚያ ላይ በደንብ የሚሠራው በ.docx ነው። ወርድ .odt ይከፍታል፣ ያስቀምጣልም፤ ግን ሲያስቀምጥ "አንዳንድ ነገር ላይተርፍ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ በየቀኑ እያዩ መሥራት ሰውን ያሰለቻል።

ክፍት_ምንጭ

እንግዲህ ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ማን ሆነና! ሁሉም እንዲህ እያለ ነው የሚቀረው። እኔ የምለው ቢያንስ ደብዳቤው ላይ ለምን ይህ እንደተመረጠ አንድ መስመር ይጻፍ። "ለማዘመን" ምክንያት አይደለም።

ተራ_ሠራተኛ

በዚህኛው እስማማለሁ። እኔ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የሚደርሰኝ ወገን ነኝ። "አሠራሩን ለማዘመን" የሚለውን ሳይ ዓይኔ ወደ ታች ይዘላል። ምክንያቱ እኮ ቀላል ነው፤ .doc የሆነ ፋይል አንዱ ከከፈተው ሌላው "በሌላ ሰው ተይዟል" ተብሎ ይጠብቃል፣ .docx ሲሆን አብረው ይጽፋሉ። ይህን ጻፉልኝ፣ ይገባኛል።

ግን ሌላ ጭንቀት አለኝ፤ በኛ ቢሮ የደረሰ ነው። በየወሩ ሪፖርት የምንሠራው ያለፈውን ወር ከፍተን፣ ቁጥሩን ቀይረን፣ መጨረሻ ላይ በ Save As አዲስ ስም እየሰጠን ነበር። ሁሌም እንዲያ ነው የሠራነው። ወደ ጋራ ፎልደር በገባን በመጀመሪያው ወር አንዷ ባልደረባችን ይህንኑ አደረገች። ስትጨርስ ግን Save As የሚለውን አጣችው፤ በቦታው Save a Copy አለ። እሱን ተጫነችና አዲስ ስም ሰጠች። በኋላ ያለፈውን ወር ሪፖርት ስንከፍት ውስጡ ያለው የአዲሱ ወር ቁጥር ነው። የጸደቀው ሪፖርት ተጽፎበታል።

መዝገብ_ቤት

ይህንን ነው ሰዉ ሁሉ ማወቅ ያለበት። እስካሁን ያላጋጠማችሁ እኮ በ.doc ስለምትሠሩ ነው። AutoSave የሚባለው የሚሠራው ሰነዱ .docx ሆኖ በዋንድራይቭ ወይም በሼርፖይንት ላይ ሲቀመጥ ነው። በ.doc ላይ አይሠራም ነበር። ፎርማቱን በቀየራችሁ ቀን ግን ላይኛው ግራ ጥግ ያለችው AutoSave የምትለዋ ማብሪያ ትበራለች፤ ከዚያ ወዲያ የምትነኪው ፊደል ሁሉ በዚያው ሰነድ ላይ ወዲያው እየተቀመጠ ነው። "መጨረሻ ላይ አዲስ ስም እሰጠዋለሁ" የሚለው የቆየ ልማድ ያን ጊዜ ነው የሚበላችሁ፤ መጨረሻው ሲደርስ የድሮው አልቋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። ያለፈውን ወር ስትከፍቺ ገና አንድ ፊደል ሳትነኪ File ውስጥ ገብተሽ Save a Copy፣ አዲስ ስም፣ ከዚያ ሥራ። ከዚህ የሚሻለው ግን በየወሩ የሚሠራውን ሪፖርት ባዶውን በ .dotx ማስቀመጥ ነው። እሱን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገሽ ስትከፍቺው ራሱ አዲስ ሰነድ ይሰጥሻል፣ ዋናው አይነካም።

አስቀድሞ ለተጻፈበት ደግሞ፣ የእናንተ ባልደረባ ሪፖርት እስካሁን ካልተመለሰ፣ ሰነዱ ተከፍቶ ከላይ ስሙ ላይ ሲጫኑት Version History የሚል ይመጣል። ከዚያ የተጻፈበት ቀን ከመድረሱ በፊት ያለውን መርጦ መመለስ ነው።

ተራ_ሠራተኛ

ተመለሰ፣ ግን ያን ጊዜ ማንም ስላልነገረን ከታተመው ወረቀት ላይ እንደገና ነበር የጻፍነው። አሁን ነው የምሰማው።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ፣ ረቂቄን ሰው ሁሉ እያየው መጻፍ አልችልም።

ፈጣን_ጣት

በራስህ ኮምፒውተር ላይ ጽፈህ ስትጨርስ አስገባዋ። ይህቺ እንኳን ቀላል ናት። (ስለ x ነገር ትምህርቴን ወስጃለሁ።)

ተራ_ሠራተኛ

ደብዳቤው ይህን ይፈቅዳል? "ማንኛውም ሰነድ በጋራ ፎልደር" የሚል እኮ ነው የሚመስለው። አለቃዬ ቢሆን አይፈቅድም።

ምሕረት_ቢሮ

እኔ እፈቅዳለሁ፤ ለሌላ ሰው እይታ የደረሰ ብቻ ይግባ።

ስለ አጻጻፍ ጠይቄ ስለ ሥራው ሁሉ ተማርኩ። ጋሼ፣ ብደፍር እርስዎ ቢጽፉት እንዴት ይጽፉት ነበር?

መዝገብ_ቤት

እንደሚከተለው እጽፈዋለሁ፤ ቀኑን አንቺ ሙዪበት። "ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል" የምትለዋን ያወጣኋት ለለስላሳነት ብዬ ብቻ አይደለም። የሚፈራ ሰው የማይነካውንም ይነካል፤ የተፈረመውን ውል የሚቀይረው ያ የፈራው ነው።

> ለክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ
>
> ጉዳዩ፦ ሰነዶቻችንን በ.docx ስለ ማዘጋጀት
>
> እስካሁን የምንጠቀምበትን .doc አንድ ሰው ሲከፍተው ሌላው ለመጻፍ መጠበቅ ነበረበት። .docx በጋራ ፎልደሩ ውስጥ ሲቀመጥ አብረን ልንጽፍበት ስለምንችል ከ______ ቀን ጀምሮ አዳዲስ ሰነዶችን በ.docx እናዘጋጃለን። ለሌላ ሰው ሥራ የደረሰውን በጋራ ፎልደሩ እናስቀምጣለን፤ ኢሜይል ስንልክም በአባሪ ፈንታ የሰነዱን ሊንክ እንልካለን።
>
> ነባር ሰነዶችን እንድትቀይሩ አልተጠየቃችሁም። ነባሮቹ ያሉበት የድሮው ፎልደር ከዚያው ቀን ጀምሮ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። በግል ኮምፒውተራችሁ ላይ የታረመ ቅጂ ካላችሁ ከዚያ በፊት አሳውቁኝ። ከነባሮቹ አንዱን ለሥራ ስትፈልጉ ቅጂውን ወደ ጋራ ፎልደሩ አምጥታችሁ ክፈቱትና File > Info > Convert በሚለው ቀይሩት። ከዚያ ሠንጠረዡንና የገጽ አከፋፈሉን አንድ ጊዜ ተመልከቱ።
>
> የተፈረመ ውልን፣ የጸደቀ ቃለ ጉባኤን እና የሚጫኑት ቁልፍ ያለበትን ቅጽ አትቀይሩ። ቅጾቹን እኛ አዘጋጅተን እናስገባቸዋለን።
>
> በጋራ ፎልደሩ የሚጻፍ ሁሉ ወዲያው ይቀመጣል። ያለፈ ሪፖርት ላይ ተነሥታችሁ አዲስ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ በ File > Save a Copy አዲስ ስም ስጡት፤ ከዚያ መጻፍ ጀምሩ።
>
> ከቢሮው ውጭ ለሚነበብ ፒዲኤፍ ላኩ። ከውጭ በ.doc የመጣ ሰነድ እንደመጣ ይቀመጣል፤ ልትሠሩበት ስትጀምሩ ቅጂውን ቀይሩ።
>
> የሚያስቸግር ነገር ሲገጥማችሁ ከመቀየራችሁ በፊት ወደ እኔ ኑ።
>
> ከሰላምታ ጋር

Convert ያልኩት በ Save As ፈንታ ነው። Convert ብላችሁ ስታስቀምጡ የተቀየረው በዚያው በቅጂው ቦታ ይተካል፤ ሁለት ሆኖ አይቀርም። የድሮ ፎልደር ውስጥ ያለው ዋናው ደግሞ ስለተቆለፈ ማንም አይጽፍበትም።

ኬብል

አንዲት ጭማሪ። የወርድ መስኮት አናት ላይ ከስሙ አጠገብ Compatibility Mode የሚል ከታየ ያ ሰነድ በድሮው ሁኔታ ላይ ነው ያለው፤ "ቀይሬዋለሁ" የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሂሳብ_ክፍል

ምሕረት፣ ቀኑን ስትሞዪ የወር መጨረሻ እንዳታደርጊው። ሂሳብ የሚዘጋ ሰው በዚያ ሳምንት ፎልደሩ ተቆልፎበት ቢያገኘው ደብዳቤሽ ምንም ቢያምር አይወድሽም።

ምሕረት_ቢሮ

ሳላውቀው የወር መጨረሻ ላይ ነበር የጣልኩት፤ አንድ ሳምንት ገፋሁት። አንድ ችግር ቀረኝ። ረቂቁን ዛሬ ለዳይሬክተሩ አሳየሁት፤ ወደዱት፣ ግን "የድሮውም በሙሉ ይቀየር፣ ሁለት ዓይነት ፋይል ማየት አልፈልግም" አሉ።

ኬብል

ግድ ከሆነ ሠራተኛው በእጁ አይቀይር። ሊብረኦፊስ የሚባለው የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ባለበት አንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ትእዛዝ ይሠራል፦

```
soffice --headless --convert-to docx --outdir new old/*.doc
```

old ውስጥ ያለው አይነካም፣ የተቀየሩት new ውስጥ ይገባሉ። ዋናዎቹ ይቆለፋሉ፣ አዲሶቹ ለማንበብ ይከፈታሉ። ቁልፍ ያለባቸውን ቅጾች ግን አስቀድመሽ አውጪያቸው።

መዝገብ_ቤት

እኔ አልስማማም። በማሽን በጅምላ የተቀየረን ሰነድ ማን ከፍቶ ያየዋል? ሠንጠረዡ ከገጽ ወጥቶ፣ የግርጌ ቁጥሩ ተዛብቶ፣ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው እሱን እንደ ዋና ቆጥሮ ያትመዋል። ማየት የማትችዪውን አትቀይሪ።

ኬብል

ዋናው ከተቀመጠ ምን ይጎዳል ጋሼ? የተጠራጠረ ዋናውን ይከፍታል።

መዝገብ_ቤት

የሚጠራጠር ከተገኘ። ሰው ፊት ለፊቱ ያገኘውን ነው የሚያምነው።

ክፍት_ምንጭ

ለማንኛውም ሥራውን የሚያወጣው ሊብረኦፊስ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ምሕረት_ቢሮ

ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ። ለዳይሬክተሩ የዚህን ዓመት ብቻ ሰው እያየው እንቀይር፣ የቀረው ተቆልፎ ይቀመጥ ብዬ አቀርባለሁ፤ ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ ሐሙስ አውቃለሁ። ደብዳቤው ግን ነገ ይወጣል፣ የነባሮቹ አንቀጽ እንዳለ ሆኖ። ቁልፍ ያለባቸውን ቅጾች ስቆጥር እስካሁን አራት አገኘሁ፤ አንደኛውን ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም።

ሂሳብ_ክፍል

መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ከመቆለፉ በፊት አንድ ጊዜ ሞልታችሁ ድምሩን በእጅ አስተያዩት።